ሆድ ሲናገር መስማት
ጭንቀት የሚያስነሣው የሆድ ሕመም፤ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የተዘጋጀ ትምህርት



በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞ፣ በለቡ፣ በመካኒሳና በላፍቶ አካባቢ ባሉ አጥቢያዎች ከካህናት አባቶች ጋር ስንወያይ ደጋግመን የምንሰማው አንድ ነገር አለ። ምእመናን ወደ ንስሐ አባታቸው ቀርበው ስለ ጤናቸው ሲናገሩ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ጨጓራቸውን ነው። «ጨጓራዬ አላስቀምጥ አለኝ»፣ «ያቅለሸልሸኛል»፣ «ሆዴን ይቆርጠኛል» ይላሉ። ከእነዚህ መካከል በርካቶቹ ተመርምረው መድኃኒት ወስደዋል፤ ሕመሙ ግን ይመለሳል። በመጨረሻም ከሁለት አንዱን ይሰማሉ፦ «ምንም የለብህም» ወይም «ካንሰር ሊሆን ይችላል»። ሁለቱም ያለ በቂ መሠረት ከተነገሩ ይጎዳሉ።

በዚህ ትምህርት ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ቁም ነገር ነው። ጭንቀት የሚያስነሣው የሆድ ሕመም እውነተኛ ሕመም ነው፤ የሚሠራበት መንገድ የታወቀ ነው፤ ሊረዳም ይችላል። ይሁን እንጂ እርዳታው የሚጀምረው አደገኛ በሽታ አለመኖሩን በማረጋገጥ ሲሆን፣ የሚጸናው ደግሞ የሕመሙን ጊዜና ምክንያት በትዕግሥት በመጠየቅ ነው። ሁለተኛው ሥራ ከሐኪም ይልቅ ብዙ ጊዜ ለንስሐ አባት ይቀርባል።

የአንዲት እናት ታሪክ

ነገሩን በአንዲት እናት ታሪክ እንመልከተው። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጠናል። እኒህ እናት ሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ባለቤታቸው ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። መኪናው አዋሽን አልፎ ወደ ሚሌና ወደ ጋላፊ ሲያቀና በመንገዱ ላይ የስልክ ኔትዎርክ የሚጠፋባቸው ቦታዎች አሉ። በሾፌሮች ላይ ስለሚደርሰው አደጋ በየጊዜው ስለሚወራ፣ ስልኩ ባልተነሣ ቁጥር የእናቲቱ ሆድ ይገለበጣል።

ሕመሙ የጀመራቸው ከአንድ ዓመት በፊት ነበር። ከእምብርታቸው በላይ ያቃጥላቸዋል፤ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻቸዋል፤ ከቤት ለመውጣት ሲነሡ ደግሞ ሦስት አራት ጊዜ ወደ መጸዳጃ ቤት ይመላለሳሉ። አንድ ክሊኒክ ደማቸውን መርምሮ «የጨጓራ ባክቴሪያ አለብዎ» አላቸው፤ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ወሰዱ። ለጥቂት ቀናት ተሻላቸውና ተመለሰባቸው። ሌላ ክሊኒክ በዚያው የደም ምርመራ ያንኑ ውጤት ነገራቸው፤ መድኃኒቱን ደገሙት። ለሦስተኛው ምርመራ የአንገት ሐብላቸውን ሸጡ።

ከገንዘቡ ይልቅ የከበዳቸው ግን ሌላ ነበር። ሥጋ ወደሙን መቀበል አቆሙ። «ቅዳሴው ሳያልቅ ሆዴ ቢያስቸግረኝስ? ከተቀበልሁ በኋላ ቢያስመልሰኝስ?» የሚለው ፍርሃት ከቤተ ክርስቲያን አራቃቸው። ይህንን ለማንም አልተናገሩም፤ ልጆቻቸውም ስለ አባታቸው እንዳይጨነቁ «ሆድ ይፍጀው» ብለው በልባቸው ያዙት። የንስሐ አባታቸው ያወቁት ለጸበል ጠዲቅ ወደ ቤታቸው በሄዱ ጊዜ፣ ከቁርባን ስለ መራቃቸው ሲጠይቋቸው ነው።

ሆድና አንጎል እንዴት ይነጋገራሉ?

ቋንቋችን ይህን ግንኙነት ከጥንት ያውቀዋል። ያዘነ ሰው «ሆዱ ባባ» ይባላል፤ የተቆጣ ሰው «ጨጓራዬን ላጠው» ይላል፤ ያሳዘነን ነገር «አንጀታችንን ይበላዋል»። ሐኪሞች ግንኙነቱን በዓይናቸው ለማየት የቻሉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1822 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት በጥይት ቆስሎ ከዳነ በኋላ ጨጓራው ላይ የማይዘጋ ቀዳዳ ቀረበት። ሐኪሙ ዊልያም ቦሞንት በዚያ ቀዳዳ በኩል ለዓመታት የጨጓራውን ሥራ ሲመለከት፣ ቁጣ ሲይዘው የጨጓራው ግድግዳ መልኩና ሥራው እንደሚለወጥ ተገነዘበ።

ዛሬ የምናውቀው ከዚያ ይበልጣል። ከጉሮሮ እስከ ፊንጢጣ ባለው የምግብ መተላለፊያ ግድግዳ ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት አንጎል ባያዛቸውም እንኳ ምግብን ሊያንቀሳቅሱ ይችላሉ። ከአንጎል ጋር የሚያገናኛቸው ዋናው መስመር ቬገስ የሚባለው ረጅም ነርቭ ነው። የሚያስደንቀው፣ በዚህ ነርቭ ውስጥ ካሉት ክሮች አብዛኞቹ መልእክት የሚወስዱት ከሆድ ወደ አንጎል እንጂ ከአንጎል ወደ ሆድ አይደለም። አንጎል ሆድን ያዛል፤ ሆድ ግን ከመታዘዝ ይልቅ አብዝቶ ይናገራል።

ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲጨነቅ አንጎሉ ሰውነቱን ለሽሽት ያዘጋጃል። ልብ ይመታል፤ ደም ከሆድ ወደ ጡንቻዎች ይሄዳል። በዚያው ጊዜ ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል፤ ስለዚህ የተበላው ምግብ እዚያው ይቆይና ማቅለሽለሽ፣ መንፋትና የመጥገብ ስሜት ያመጣል። ትልቁ አንጀት ግን በተቃራኒው ይፈጥናል፤ ስለዚህ ቁርጠትና ተቅማጥ ይከተላል። ጨጓራ ሲዘገይ አንጀት መፍጠኑን ያወቀ ሰው፣ እናቲቱ በአንድ ጠዋት የሚያቅለሸልሻቸውም የሚያስቀምጣቸውም ለምን እንደ ሆነ ይረዳል። ሁለት በሽታ አይደለም፤ የአንድ ማስጠንቀቂያ ሁለት ፊት ነው።

ይህ ለአንድ ቀን ቢሆን ኖሮ በፈተና ዋዜማ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ጭንቀቱ ወራት ሲቆይ ግን ሌላ ለውጥ ይመጣል። የሆድ ነርቮች ስሜታቸው ይሳላል። ተመራማሪዎች በአንጀት ውስጥ ትንሽ ፊኛ ቀስ በቀስ ሲነፉ፣ ሆዳቸው በዚህ መንገድ የታወከባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ጤነኛ ሰው በማይታመምበት መጠን ሕመም ይሰማቸዋል። ስለዚህ ከሽሮና ከክክ የሚመጣ የተለመደ አየር ለአንዱ ምንም ሳይሆን ለሌላው ቁርጠት ይሆናል። በኢንዶስኮፒ ወይም በአልትራሳውንድ ሲታይ ቁስል የለም፤ ሕመሙ ግን አለ። ሕመምተኛውን «ምንም የለብህም» ማለት ስሕተት የሚሆነው ስለዚህ ነው። የሌለው ቁስል ነው፤ ሕመሙ አይደለም።

በመጨረሻም ዙሪያው ይዘጋል። ሆድ ሲታመም አንጎል «ምን መጣብኝ?» ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱ ሆድን ይበልጥ ያውካል። እናቲቱን ከቅዳሴ ያራቃቸው ይህ ዙሪያ ነው። የሚፈሩት ሕመም በመፍራታቸው ምክንያት እሑድ ጠዋት ይመጣ ነበር።

መጀመሪያ መለየት የሚገባው

ከዚህ በላይ ያለውን የተረዳ ሰው ሊሠራው የሚችለው ትልቁ ስሕተት ሁሉንም የሆድ ሕመም ጭንቀት ማለት ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ምልክቶች ካሉ ስለ ጭንቀት ከመነጋገር በፊት ሕመምተኛው ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፦

ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካለበት፤ ደም ካስመለሰ፤ ሳይፈልግ ክብደቱ ከቀነሰ፤ ምግብ ለመዋጥ ከተቸገረ፤ ሕመሙ ወይም ተቅማጡ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፤ ትኩሳት ካለው፤ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፤ ትውከቱ አላቆም ካለ፤ ሰውነቱ ከገረጣና ከደከመ፤ እንዲሁም እድሜው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ ሕመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጀመረው። ከሆድ በላይ የሚጫን ሕመም ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ወደ ክንድና ወደ መንገጭላ ከሚሄድ ሕመም ጋር በድንገት ከመጣ የልብ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ አምቡላንስ ይጠራ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ደግሞም ሕመምተኛው ለወገብ ወይም ለራስ ምታት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አዘውትሮ ይወስድ እንደ ሆነ ይጠየቅ። እነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ብዙ ሰው ግን ማስታገሻን እንደ መድኃኒት ስለማይቆጥር ሳይጠየቅ አይናገርም።

ስለ «ጨጓራ ባክቴሪያ» አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ በአገራችን እጅግ የተስፋፋ ነው፤ ቁስልና የጨጓራ ካንሰር ሊያስከትል ስለሚችል ሲገኝ በሐኪም ትእዛዝ መታከሙ ተገቢ ነው። ነገር ግን ባክቴሪያው ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ምንም አያማቸውም። የደም ምርመራው የሚያሳየው ሰውነት ባክቴሪያውን ማወቁን ነው፤ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል። እናቲቱ ሁለተኛውን ዙር መድኃኒት የወሰዱት ምናልባት በዚህ ምክንያት ነው። መዳንን ለማረጋገጥ የሚሻለው የሰገራ ምርመራ ነው፤ እርሱም አንቲባዮቲክ ካበቃ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ እንደ ኦሜፕራዞል ያለው የአሲድ መቀነሻም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ከቆመ በኋላ ሲደረግ ነው የሚታመነው። አሲድ መቀነሻን ለወራት የወሰደ ሰው ሲያቆም ቃሩ ለጥቂት ጊዜ ሊብስበት እንደሚችል አስቀድሞ ይነገረው፤ አለዚያ በሽታው ተመለሰ ብሎ ይደነግጣል።

የሁለት ሳምንቱ ደብተር

የእናቲቱ ንስሐ አባት ያደረጉት ነገር ቀላል ነበር። ከላይ የተዘረዘሩትን አደገኛ ምልክቶች ጠየቁ፤ አልነበሩም። ያም ሆኖ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ መከሩ። እስከ ቀጠሯቸው ቀን ድረስ ደግሞ የትልቋ ልጃቸው የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ለአሥራ አራት ቀናት እንዲጽፉ አደረጉ። በየቀኑ የሚጻፈው አራት ነገር ብቻ ነው፦ ሕመሙ መቼ መጣ፤ ከዚያ በፊት ምን ተበላ፤ በዚያ ሰዓት ምን እየሆነ ነበር፤ ሌሊቱን እንቅልፍ እንዴት ነበር።

ወቅቱ ጾመ ነቢያት ነበር። ባለቤታቸው በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቀናት በመንገድ ላይ፣ በቀሩት አምስት ቀናት ቤት ነበር። ደብተሩ ሲነበብ ከዘጠኙ ቀናት በስምንቱ ሕመም ነበር። ባለቤታቸው ቤት በነበረባቸው አምስት ቀናት ግን ሕመሙ የመጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱ እሑድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ሲነሡ፣ ሁለተኛው ባለቤታቸው ተመልሶ ሊወጣ ባለበት ዋዜማ። ሽሮ ግን በአምስቱም ቀናት ተበልቷል። እናቲቱ ለአንድ ዓመት ሲሸሹት የነበረው ሽሮ ዋናው ምክንያት እንዳልሆነ ራሳቸው አዩት። ከባዶ ሆድ ቡና በኋላ ቃጠሎው እንደሚብስም እንዲሁ ተገነዘቡ።

ደብተር በሽታን አይወስንም። የሚሰጠው ለሐኪሙ ግልጽ ታሪክ ነው። በጤና ጣቢያው ሐኪሟ የደማቸውን መጠን፣ የሰገራቸውን ምርመራና በትክክለኛው ጊዜ የተደረገ የኤች ፓይሎሪ ምርመራ አየች፤ ሁሉም ደህና ነበር። ክብደታቸውም አልቀነሰም። ከዚያም የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውንና በአገራችን ጥናቶችም ሲሠራበት የቆየውን የሃያ ጥያቄ መጠይቅ ጠየቀቻቸው። ይህ መጠይቅ የጭንቀትና የድባቴ ምልክቶችን ለመለየት የተሠራ ሲሆን፣ ከሃያው ጥያቄዎች ሦስቱ የምግብ ፍላጎትን፣ የምግብ አለመፈጨትንና የሆድ አለመመቸትን የሚመለከቱ ናቸው። አዘጋጆቹ ጭንቀትን በሆድ በኩል መጠየቃቸው እስካሁን ያልነውን ያጸናል።

ምን ተደረገ?

የመጀመሪያው ሕክምና ማስረዳት ነበር። ሐኪሟ ጨጓራ እንዴት እንደሚዘገይና አንጀት እንዴት እንደሚፈጥን በወረቀት ላይ ሥላ አሳየቻቸው። እናቲቱ በኋላ ሲናገሩ፣ ካንሰር አለመሆኑን ከማወቃቸው ይልቅ ሕመማቸው መታመኑ እንደ ረዳቸው ገልጸዋል።

ሁለተኛው እስትንፋስ ነው። ፈጣንና አጭር እስትንፋስ የማስጠንቀቂያው አካል ነው፤ ዝግ ያለና ከሆድ የሚወጣ እስትንፋስ በቬገስ ነርቭ በኩል ሰውነትን ያረጋጋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ቁጭ ብሎ አንድ እጅን ሆድ ላይ ማድረግ፤ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ሆድ እጅን እስኪገፋ መሳብ፤ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት። ይህን ለአምስት ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። የሚያዞር ከሆነ በጣም በጥልቀት እየተሳበ ነው ማለት ነው፤ ይቀነስ። ሕመም ሲመጣ ብቻ የሚሞክረው ሰው ብዙ አይጠቀምም፤ በደህና ቀን የለመደ ግን በክፉ ቀን ያገኘዋል።

ሦስተኛው ከጭንቀቱ ምንጭ ጋር የሚሄድ ነው። መንገዱን ማሳጠር አይቻልም፤ ጥሪውን ግን ሥርዓት ማስያዝ ይቻላል። ባልና ሚስት ተነጋግረው፣ እርሱ ኔትዎርክ ካለባቸው የታወቁ ማረፊያዎች በቀን ሁለት ጊዜ እንዲደውል፣ እርሳቸውም በመካከል ደጋግመው እንዳይደውሉ ተስማሙ። ደጋግሞ መደወል ለጊዜው የሚያሳርፍ ቢመስልም፣ ያልተነሣው እያንዳንዱ ጥሪ አዲስ ድንጋጤ ነበርና።

አራተኛው መድኃኒት ነው። ሐኪሟ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማታ የሚወሰድ አነስተኛ መጠን ያለው አሚትሪፕቲሊን አዘዘችላቸው። ይህ መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ለድባቴ የሚሰጥ ስለሆነ ሰፈር ውስጥ «የእብደት መድኃኒት ነው» ይባላል። በአነስተኛ መጠን ግን በሆድና በአንጎል መካከል የሚተላለፈውን የሕመም መልእክት ያለዝባል። በ2023 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በተለመዱ ጤና ጣቢያዎች 463 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት የአንጀት ሕመም ያለባቸውን እንደሚረዳ አሳይቷል። ሥራውን ለመጀመር ሳምንታት ይፈጃል፤ አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል፤ አንዳንድ የልብ ሕመም ላለባቸው አይሆንም። ስለዚህ ከጎረቤት ተቀብሎ የሚዋጥ አይደለም፤ በሐኪም ብቻ ይታዘዛል።

ወደ ቅዳሴ የተመለሱበት መንገድ

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ትምህርት የሚሰጠው ይህ ክፍል ነው። የሚፈራን ቦታ መሸሽ ፍርሃቱን ያሳድገዋል፤ በአንድ ጊዜ ወደ መካከሉ መግፋትም ያባብሰዋል። የሚጠቅመው ደረጃ በደረጃ መቅረብ ነው። የንስሐ አባታቸውም እንዲህ አደረጉ። በመጀመሪያው እሑድ እናቲቱ በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ወንጌል እስኪነበብ ብቻ ቆዩ። ቀጥሎ በነበረው እሑድ እዚያው ሆነው እስከ ፍጻሜው አስቀደሱ። በሦስተኛው በሴቶች በኩል ከበሩ አጠገብ ቆሙ፤ በአራተኛውም እንዲሁ። ሕመሙ በሁለተኛው እሑድ መጥቶ ነበር። ካህኑ አስቀድመው «ቢመጣ አትሂጂ፤ እስትንፋስሽን ያዢ፤ ካልሆነልሽም ውጪና ተመለሺ፤ መውጣትሽ ነውር አይደለም» ብለዋቸው ስለነበር ወጥተው ተመለሱ። ያ መመለስ ከመድኃኒቱ ሁሉ በላይ እንደ ረዳቸው ያምናሉ።

ቁርባኑን በተመለከተ ካህኑ አላጣደፏቸውም። የማቅለሽለሻቸው ጊዜ በአብዛኛው ማለዳ እንደ ሆነና ቅዳሴው ሲገባደድ እንደሚያልፍ ደብተሩ አሳይቶ ነበር። ይህ ለካህኑም ለእናቲቱም ድፍረት ሰጣቸው። በሦስተኛው ወር ባለቤታቸው ከመንገድ በተመለሰበት እሑድ ከልጆቻቸው ጋር ተቀበሉ። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ባለቤታቸው በመንገድ ላይ ሲሆን በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ዛሬም ይመጣል። ነገር ግን አሁን ሲመጣ ምን እንደ ሆነ ያውቁታል፤ ከቤታቸውም አያስቀራቸውም።

ጾምን በተመለከተም አንድ ቃል እንጨምር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ለአብዛኛው ሰው አይጎዳም። ስሜቱ ለተሳለ ሆድ ግን ረጅም ባዶነት፣ ቀጥሎም በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። ሰዓቱን ማሳጠር ቢያስፈልግ ሥልጣኑ የንስሐ አባት ነው፤ ምእመኑ ግን ይህን እንዲጠይቅ በር ሊከፈትለት ይገባል፤ አለዚያ ወይ በስውር ይበላና ኅሊናው ይወቅሰዋል፣ ወይ ይታመማል። ጾሙን ሲፈቱ በጥቂቱ መብላት፣ ከሽሮና ከክክ ጋር የተቀቀለ ድንች፣ ካሮት ወይም ሩዝ መቀላቀል፣ ቡናውንም ከምግብ በኋላ ማድረግ ጾሙን ሳያስቀር ሆድን ያሳርፋል።

ስለ ጸበልም እንዲሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል። መንገዱ ያው ነው። ጸበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ አደገኛ ምልክት ያለበትም ምርመራውን ለሌላ ሱባዔ እንዳያቆይ የሚመክሩት ካህናት ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስም ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም በጻፈለት ጊዜ የመከረው በሥጋዊ ነገር እንደ ነበር እናስታውሳለን።

ሰበካ ጉባኤ ምን ያድርግ?

ሦስት ነገሮችን ብቻ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በቅጽሩ ውስጥ ንጹሕ፣ ውኃ ያለውና በቅዳሴ ሰዓት ያልተቆለፈ መጸዳጃ ቤት ይኑር። አንጀቱ ለሚያስቸግረው ሰው ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ አለማወቅ ብቻውን ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። መጸዳጃው መኖሩንና ክፍት መሆኑን ሲያውቅ ግን ብዙ ጊዜ ሳያስፈልገው ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ከበሩ አጠገብ ለሕሙማን የሚሆን መቀመጫ ይለይ፤ አስተናባሪዎችም በቅዳሴ መካከል የሚወጣና የሚገባን ሰው በዓይን እንዳይገሥጹ ይነገራቸው።

ሦስተኛ፣ በቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ ለአእምሮ ጤና የሠለጠነ ባለሙያ በየትኛው ቀን እንደሚገኝ ጠይቆ መዝግቦ መያዝ። ከሆድ ሕመሙ ጋር እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የተለየ፣ ሥራውን የተወ ሰው ወደዚያ ይላክ። «መኖር ሰልችቶኛል» ያለ ሰው ግን ቀጠሮ አይጠበቅለትም፤ ብቻውን ሳይተው በዚያው ቀን ታጅቦ ወደ ጤና ተቋም ወይም ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይወሰድ።

ለመወያያ

በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባችሁ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ እንድትወያዩ እንጠይቃለን።

፩. በአጥቢያችን ባለፉት ወራት ከቅዳሴ ወይም ከቁርባን የቀሩ፣ ምክንያታቸውን ግን ያልጠየቅናቸው እነማን ናቸው?
፪. «ጨጓራዬ ነው» ለሚል ምእመን «መቼ ነው የሚመጣብህ? ያን ጊዜ ምን እየሆነ ነው?» ብለን እንጠይቃለን? ወይስ ወዲያው መድኃኒት ወይም ጸበል እንጠቁማለን?
፫. በእሑድ ቅዳሴ የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ማን እጅ ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ከእርሱ መጀመር ይቻላል፤ በዚህ እሑድ የሚፈጸም ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።